የመጀመሪያዋ መስመር፦ አንባቢን ሳናታልል እንዴት እናስቁመው?

የባቲ ሐኪም (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ባቲ አካባቢ በእንስሳት ጤና ሙያ እሠራለሁ። የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽ አለን፤ ተከታዮቻችን በአብዛኛው በቤታቸው ጥቂት ዶሮ፣ ፍየልና ላም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ክረምት ሲቃረብ ፈንግል ይነሣል። ስለዚህ የክትባት ቀን እናሳውቃለን፤ ሰዉ ግን ማስታወቂያውን በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል። ከሳምንት በኋላ አንገቷ የተጣመመ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ዶሮ ታቅፎ ይመጣል። ያን ጊዜ ክትባት ምንም አያደርግላትም።

አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው ከበላይ ተዘጋጅቶ የሚላክልንን ጽሑፍ ነው። አጀማመሩ ይህን ይመስላል፦

«እንደሚታወቀው የዶሮ እርባታ ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ገቢና የምግብ ዋስትና ያለው ጠቀሜታ ከፍተኛ በመሆኑ በክረምት መግቢያ የሚከሰተውን የፈንግል በሽታ ለመከላከል የሚያስችል የክትባት ዘመቻ በተመረጡ ቀበሌዎች ከሐሙስ ጀምሮ የሚሰጥ መሆኑን እናሳውቃለን።»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዶሮዎቻችሁ በሙሉ ሊያልቁ ነው! ሳያነቡ እንዳያልፉ!» ብለን እንጀምር የሚል ሐሳብ አቅርቦልኛል። እኔ አልፈልግም። ነገ ስለ አባ ሰንጋ ስጽፍም እንዲያምኑኝ ነው የምፈልገው። ታዲያ ሳላስደነግጥና ሳልደብቅ ሰውን የምታስቆም የመጀመሪያ መስመር እንዴት ትጻፋለች?

---

የቦርከና ልጅ

እህቴ፣ መልሱ ቀላል ነው፤ በጥያቄ ጀምሪ። ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት አእምሮው መልስ መፈለግ ይጀምራል፣ ስለዚህ ይቆማል። «ዶሮዎችዎ ጤነኛ ናቸው?» በይና ከሥሩ ማስታወቂያውን አስከትይ። እኔ የወጣቶች ማዕከል ገጽ ስጽፍ ሁልጊዜ የምጀምረው በጥያቄ ነው፤ ጥሩ ምላሽ አገኛለሁ።

---

ጦሳ ግርጌ

ልጄ፣ ከጥያቄው በፊት አንድ ነገር እንይ። እኔ ለብዙ ዓመታት የሬዲዮ ዜና ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የተላከላችሁ ጽሑፍ የሚወድቅበት ቦታ በግልጽ ይታየኛል።

ስልኩ ተቆልፎ ሳለ ከቴሌግራም መልእክት ሲገባ የሚታየው ጅምሩ ብቻ ነው። ፌስቡክም ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመሮች በኋላ ይቆርጥና ቀሪውን «ተጨማሪ» ከሚለው ቁልፍ ጀርባ ያስቀምጠዋል። የት ላይ እንደሚቆርጥ እንደ ስልኩና እንደ ፊደሉ መጠን ይለያያል። በእናንተ ጽሑፍ ግን የትም ቢቆረጥ ችግር ነው። ጠባብ ስልክ ላይ የሚታየው «እንደሚታወቀው የዶሮ እርባታ ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ገቢና የምግብ ዋስትና ያለው ጠቀሜታ» ነው። ፈንግል የለም፣ ክትባት የለም፣ ሐሙስ የለም። ማሰሪያው አንቀጽም የለም።

በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ባለ ሠላሳ ቃል ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው ሠላሳኛው ቃል ላይ ሲደረስ ነው። በወረቀት ሲነበብ፣ በሬዲዮም ሲሰማ ሰው እስኪያልቅ ይታገሣል፤ በስልክ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቆርጧል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አጭር መሆን ያለበት ለውበት አይደለም፤ ግሱ ሳይቆረጥ እንዲደርስ ነው። ከአምስት እስከ ስምንት ቃል ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹን አስገቡት። ማብራሪያው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይምጣ።

ሌላው ደግሞ «እንደሚታወቀው» ነው። ይታወቃል ካላችሁት አንባቢው ለምን ይቆማል? ለማያውቀው ነገር ነው የሚቆመው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። የቦርከና ልጅ ግማሹን ልክ ነህ። ጥያቄ የሚያስቆመው አንባቢው መልሱን ሳያውቅና ማወቅ ሲፈልግ ነው። «ዶሮዎችዎ ጤነኛ ናቸው?» ለሚለው አንባቢው ያለማሰብ «አዎ፣ ይመስገን» ብሎ ያልፋል። «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚዘጋ ጥያቄ አንባቢውን ራሱ ያሰናብተዋል።

---

የቦርከና ልጅ

ጋሼ፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን «ለምን» እና «እንዴት» ያለበት ጥያቄስ? «ዶሮ ተከትባ ለምን ትሞታለች?» ቢባል እኔ በበኩሌ እቆማለሁ።

---

ጦሳ ግርጌ

ይህኛው ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል። መልሱ ወዲያው በሁለተኛው መስመር ከተሰጠ ማታለልም የለበትም። መልሱ አራት አንቀጽ ወርዶ ከተደበቀ ግን ሰውየውን አግተነዋል።

---

ፈትልና ድር

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ኮምቦልቻ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ጽሑፍ ማን ያነባል? ፎቶ ነው የሚያስቆመው። ደግሞ ፌስቡክ ላይ ገንዘብ ከፍላችሁ ብታስተዋውቁ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ለመሆኑ ማስታወቂያውን ለማሳደግ ስንት ይከፈላል?

---

ጦሳ ግርጌ

ወንድሜ፣ ክፍያ ጽሑፉን ለብዙ ሰው ያደርስልሃል እንጂ የደረሰው ሰው እንዲያነብ አያደርግም። ፎቶም አያከራክርም፣ ያስቆማል፤ ከቆመ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው ግን ከፎቶው ጎን ያለው የመጀመሪያ ቃል ላይ ነው። አንተ በምን ትጀምራለህ?

---

ፈትልና ድር

«ጥራት ያለው ምርጥ ጋቢ በተመጣጣኝ ዋጋ» እላለሁ።

---

ጦሳ ግርጌ

ይህን ዓረፍተ ነገር ጎረቤትህ ያለው ነጋዴ ገልብጦ ቢለጥፈው ለእሱም ይሆናል። ጫማ ሻጭም «ጋቢ» የሚለውን በ«ጫማ» ተክቶ ሊጠቀምበት ይችላል። የማንም የሆነ መስመር ማንንም አያስቆምም። ስለ ጋቢህ አንተ ብቻ የምታውቀውን ንገረን። ድሩ ከምንድን ነው፣ ማጉስ?

---

ፈትልና ድር

ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው። ሁሉም በእጅ የተፈተለ ቢሆን ዋጋው በጣም ይንራል።

---

ጦሳ ግርጌ

በቃ፣ መስመርህ ይኸው፦ «የዚህ ጋቢ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ድሩ የፋብሪካ ነው።» ቀጥለህ ዋጋውን ጻፍ። ጋቢ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሌላው ነጋዴ የማይናገረውን ነግረኸዋል። ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነም ሳይጠይቅ ገብቶታል።

---

ሐይቅ ዳር

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ በዚህ ውይይት ያልተነሣ ነገር አለኝ። በእኛ አገር ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ሳይሰጥ ወሬ አይጀምርም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰላምታው ራሱ ረጅም ነው፤ የልጆችን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቀን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው። «ሰላም ውድ ቤተሰቦቻችን እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለውን አውጥተን ዘው ብለን «ክትባት» ብንል ትልልቆቹ ይቀየማሉ። አባቴ እንደዚህ ያለ መልእክት ሲደርሰው «ይህ ልጅ አሳዳጊ የለውም እንዴ?» ነው የሚለው። ለማስቆም ሲባል ወግ ይቅር የምትሉ ከሆነ አልስማማም።

---

የባቲ ሐኪም

ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ እኔም ይህ ያሳስበኛል። ግን አንድ ችግር አለ። ሰላምታችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ በተቆለፈው ስልክ ላይ የሁሉም መልእክቶቻችን ጅምር ተመሳሳይ ነው። የክትባቱም፣ የስብሰባውም፣ የበዓል መልካም ምኞቱም «ሰላም ውድ ቤተሰቦቻችን» ብለው ይጀምራሉ። ሰውየው የትኛው አስቸኳይ እንደሆነ በምን ይለያል?

---

ጦሳ ግርጌ

ሁለቱንም ማስታረቅ የሚቻል ይመስለኛል። አንደኛውን ዓረፍተ ነገር ለጉዳዩ ስጡት፣ ከዚያ መስመር ዘልላችሁ ሰላምታውን አቅርቡ። በሬዲዮም አርዕስተ ዜናው ቀድሞ «ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን» የሚከተልበት ጊዜ ነበር፤ ማንም አልተቀየመም።

---

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ ሬዲዮ ሌላ ነው። ሬዲዮ ለሁሉም ነው የሚናገረው፤ ስልክ ደግሞ በእጄ የያዝሁት፣ ለእኔ የተላከ ደብዳቤ ያህል ነው። ለአስቸኳይ ጉዳይ ያላችሁትን እቀበላለሁ፣ ለሌላው ጽሑፍ ግን ሰላምታዬን አላነሣም።

---

የባቲ ሐኪም

እሺ፣ በሰማሁት መሠረት ሞክሬያለሁ፦

«ሐሙስ ጠዋት የፈንግል ክትባት እንሰጣለን።»

አጭር ነው፣ ግሱም ቶሎ ደርሷል፣ የተደበቀ ነገርም የለበትም። ግን ደረቅ ሆነብኝ። ዶሮው ደህና የሆነለት ሰው አሁንም የሚያልፈው ይመስለኛል።

---

ጦሳ ግርጌ

ትክክል ነሽ፣ ያልፈዋል። ይህ መስመር ለመምጣት የወሰነን ሰው ቀኑን ይነግረዋል እንጂ ያልወሰነውን አያስቆመውም። አሁን አንድ ጥያቄ መልሽልኝ፦ የማይመጡት ሰዎች ለምን እንዳልመጡ ስትጠይቂያቸው ምን ይሉሻል? በራሳቸው አንደበት።

---

የባቲ ሐኪም

«ዶሮዎቼ እኮ ደህና ናቸው፤ ሲታመሙ አመጣለሁ» ይላሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል። ክትባትን እንደ መድኃኒት ነው የሚያዩት።

---

ጦሳ ግርጌ

መስመርሽን የምታወጪው ከዚህ ነው! አንባቢሽ «ሲታመሙ አመጣለሁ» የሚል ሐሳብ ይዞ ነው ስልኩን የሚገፋው። የመጀመሪያዋ መስመር ያንን ሐሳብ ፊት ለፊት ካገኘችው ይቆማል፣ ምክንያቱም እውነት ነው ብሎ የያዘው ነገር ልክ እንዳልሆነ ነግራዋለች። ለዚህ ማጋነን አያስፈልግም፣ እውነቱ ራሱ በቂ ነው።

---

የባቲ ሐኪም

እንግዲህ ይህስ፦

«የፈንግል ክትባት የታመመችን ዶሮ አያድንም፤ ደህና ሳለች ሐሙስ አምጧት።»

---

የቦርከና ልጅ

ይህ በጣም ጥሩ ነው! እኔ ብሆን እቆማለሁ።

---

ጨፋ ሜዳ

እኔ ከሚሴ አጠገብ ዶሮ አረባለሁ፣ ውይይቱን ዝም ብዬ ስከታተል ቆይቻለሁ። እህቴ፣ ይህን መስመር እባክሽ አትለጥፊው። የእኛን አካባቢ ሰው አውቀዋለሁ። ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው «የፈንግል ክትባት … አያድንም» የሚለውን ይይዝና ይሄዳል። በማግሥቱ ቡና ላይ «ሐኪሟ ራሷ ክትባቱ አያድንም ብላለች» ሲባል ትሰሚያለሽ። ያን ወሬ ለማጥፋት ዓመት አይበቃሽም።

ሌላም አለ። ባልደረባሽ ያቀረበው «ሊያልቁ ነው!» የሚለው መስመር ማታለል ብቻ ሳይሆን ጉዳት ያመጣል። ገጠር ውስጥ ሰው ፈንግል ገባ ሲባል ምን ያደርጋል? ሳይሞቱብኝ ልሽጥ ይላል። ዶሮዎቹን ሰብስቦ ወደ ሰኞ ገበያ ይዞ ይወጣል። ከዚያ መካከል ሳትታመም በሽታውን የያዘች ትኖራለች። ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ገዝቷት ወደየቀበሌው ይወስዳታል። ሰውን ያስደነገጠችው መስመር ፈንግሉን ራሷ አሰራጨችው ማለት ነው። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በተደናገጠ ገበያ ከተገዛች ዶሮ ነው በሽታው ወደ ግቢዬ የገባው።

---

ጦሳ ግርጌ

እህቴ ጨፋ ሜዳ፣ እድሜ ይስጥሽ። ይህን እኔም አላስተዋልሁትም ነበር፤ ስለ ዶሮ አላውቅም።

ከነገርሽን ግን ለማንኛውም ጽሑፍ የሚሆን መመዘኛ ይወጣል። መስመሯን በየቃሉ እየቆረጣችሁ አንብቡ። በተቆረጠችበት ሁሉ የቀረው እውነት ነው? አንባቢው ከዚያ አልፎ ባያነብ የያዘው ነገር ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? «የፈንግል ክትባት የታመመችን ዶሮ አያድንም» ሙሉው እውነት ነው፤ መካከሏ ሲወድቅ ግን ውሸት ትሆናለች። አሉታዊ ግስ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ይህ አደጋ ሁልጊዜ አለ።

የማጥመጃ መስመርም በዚህ መመዘኛ ይወድቃል። ፌስቡክ በ2016 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ርዕሶች ዝቅ አደርጋለሁ ሲል ሁለት ነገር ነበር የጠቀሰው፦ መረጃን ሆን ብሎ መደበቅና ማጋነን። «ዶሮ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሳታዩ እንዳታድሩ» የሚለው ይደብቃል፤ አንባቢው ከፍቶ ካላነበበ ምንም አልያዘም። «በሙሉ ሊያልቁ ነው» የሚለው ያጋንናል፤ አንባቢው ከፍቶ ካላነበበ ፍርሃት ይዞ ሄዷል። የምንፈልጋት መስመር ብቻዋን ተነብባም ሥራዋን የምትሠራ ናት።

---

የባቲ ሐኪም

ጨፋ ሜዳ፣ ልክ ነሽ፤ ስለ ገበያው ያልሽው በእኛም አካባቢ ያለ ነው። እንግዲያው አሉታዊውን ከፊት ላንሣው፦

«ዶሮዎቻችሁ ደህና ሳሉ አስከትቡ።»

---

ሐይቅ ዳር

ይህ ደግሞ ትእዛዝ ሆነ። ከየመሥሪያ ቤቱ «አድርጉ»፣ «ተገኙ»፣ «አስከትቡ» የሚል ይመጣል፤ ሰው ለምዶት ያልፈዋል።

---

ጨፋ ሜዳ

ማዘዙን ትተሽ ነገሩን ብትናገሪውስ? «የፈንግል ክትባት ለጤነኛ ዶሮ ነው።» እኔ ለጎረቤቶቼ የምናገረው እንደዚህ ብዬ ነው። «እንዴ፣ ለታመመች አይደለም?» ይሉኛል፤ ከዚያ ሌላውን ለመስማት ዝግጁ ይሆናሉ።

---

ጦሳ ግርጌ

ከዚህ በላይ ማሻሻል አልችልም። አምስት ቃል ናት፣ ማሰሪያዋ ውስጧ አለ። የትም ብትቆረጥ ሰውን አታሳስትም። የሰውየውን «ሲታመሙ አመጣለሁ» ሳትሳደብ ታርመዋለች። የተደበቀ ነገር የለም፤ አንባቢው የሚቀጥለው «ታዲያ መቼ፣ የት?» ብሎ ነው። ያ ጉጉት ከእሱ የመጣ ነው፣ እኛ አላስገደድነውም።

---

የባቲ ሐኪም

አመሰግናለሁ። ሙሉው እንደዚህ ሆኗል፦

«የፈንግል ክትባት ለጤነኛ ዶሮ ነው። ከታመመች በኋላ አይሠራም።

ሰላም ውድ ቤተሰቦቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በቀበሌው ግቢ እንከትባለን። ክትባቱ አንዴ ከተበጠበጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ስላለበት ሰዓቱን አናራዝምም። ዶሮዎቹን ከቆጥ ሳይወርዱ ብትይዟቸው ይቀላችኋል። በግቢያችሁ የሞተች ወይም የታመመች ዶሮ ካለች ሌሎቹን ወደ ገበያም ወደ ክትባቱም አታምጡ፤ ደውሉልን፣ እንመጣለን።»

ከመለጠፌ በፊት ለራሴ ልኬ ስልኬን ቆልፌ አየሁት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ሁለተኛውም እንደዚያው። የእናቴ ስልክ ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚታየው፤ እሱም ይበቃል። ሰላምታውም ቦታውን አላጣም፤ ሐይቅ ዳር እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

---

ሐይቅ ዳር

አልቀየምም። ለዚህ ጉዳይ ተገቢ ነው። ስለ ሌላው ግን አቋሜን አልለወጥሁም።

---

የቦርከና ልጅ

እኔ አሁንም ጥያቄው የተሻለ ያስቆማል ባይ ነኝ። «ዶሮ ተከትባ ለምን ትሞታለች?» የሚለውን ሌላ ቀን ሞክሪልኝና ንገሪን።

---

ጨፋ ሜዳ

ወንድሜ፣ ያችን ጥያቄ በጋሼ መመዘኛ ቁረጣት። «ዶሮ ተከትባ … ትሞታለች»።

---

የባቲ ሐኪም (ከዓርብ በኋላ)

ለጠየቃችሁኝ፦ ሐሙስ ከወትሮው ብዙ ሰው መጥቷል። ግን ሁሉም በመስመሯ ምክንያት ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም ተነግሮ ነበር። ቻናሉ ላይ የሚታየው የተመልካች ቁጥርም ጽሑፉ በስልኩ ላይ መታየቱን እንጂ መነበቡን አይነግረኝም። እኔ ያየሁት ምልክት ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሲመጡ «ለጤነኛ ነው አላችሁ አይደል?» እያሉ መስመሯን በቃላቸው ደገሙልኝ። ከዚህ በፊት የጻፍነውን ቃል ደግሞ የነገረኝ ሰው አላስታውስም።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለኝ። ጽሑፉ ላይ የሁለተኛውን ዙር ቀን ለመጨመር አርሜዋለሁ፤ ግን ማንም ያየው አይመስለኝም።

---

ጦሳ ግርጌ

ቴሌግራም ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ስታርሚ አዲስ የማሳወቂያ ድምፅ አይደርስም፤ ያነበበው ሰው ተመልሶ ካልገባ አያየውም። ለሁለተኛው ዙር አዲስ ጽሑፍ ለጥፊ። የመጀመሪያዋን መስመር ግን አትድገሚያት፤ አሁን ያውቋታል። የቀሩት ሰዎች በዚህኛው ዙር ምን ብለው እንደቀሩ ጠይቂና ከዚያ ጀምሪ።

---

የባቲ ሐኪም

ጠይቄያለሁ። «ጫጩቶች ስለሆኑ ይጎዳቸዋል ብለን ነው» ይላሉ። ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ፤ ጨፋ ሜዳ፣ ሳልለጥፈው እዚህ አመጣዋለሁና እይልኝ።